ቴታነስ በቁጥር፣ ትክትክ በሳምንት

ጥያቄ

ሲስተር ጤና ይስጥልኝ። ባሕር ዳር ሽምብጥ አካባቢ የምኖር የ27 ዓመት ሴት ነኝ። ሁለተኛ ልጄን አርግዣለሁ፤ የመጨረሻ የወር አበባዬን ያየሁት ጥቅምት 1 ቀን 2018 ዓ.ም. ነው። ዋሽንግተን ያለችው እህቴ እሷ ስታረግዝ የቴታነስ፣ የትክትክና የኢንፍሉዌንዛ ክትባት እንደወሰደች ነግራኝ «አንቺስ?» አለችኝ። ጤና ጣቢያ ስጠይቅ ያለው የቴታነሱ ብቻ ነው ተባልኩ፤ እሱንም ገና አልወሰድኩም። የመጀመሪያ ልጄን በ2013 ዓ.ም. ደብረ ታቦር ሳረግዝ ክንዴን ሁለት ጊዜ ተወግቻለሁ። ተማሪ እያለሁም በዘመቻ አንድ ጊዜ ተከትቤ ነበር። ካርዱ ግን ቤት ስንቀይር ጠፋ። እህቴ ለፋሲካ ስትመጣ ሁለቱን ክትባቶች በሻንጣዋ ይዛልኝ ልትመጣ አስባለች። ዘጌ የሚኖሩት አማቴ ደግሞ መርፌው ማሕፀን ይዘጋል እያሉ ያስፈሩኛል። አራስ የምሆነው እሳቸው ዘንድ ነውና ቃላቸውን መግፋት ከበደኝ። ምን ላድርግ?

መልስ

እህቴ፣ የወር አበባሽን ቀን አስተካክለሽ መጻፍሽ ሥራዬን አቅልሎልኛል። ከጥቅምት 1 ተነስተን 40 ሳምንት ስንቆጥር የመውለጃሽ ቀን ሐምሌ 11 አካባቢ ይውላል። ይህን መልስ በምጽፍበት በመጋቢት 22 ደግሞ 24ኛውን ሳምንት አልፈሻል። ከዚህ በታች የምጠቅስልሽ ቀን ሁሉ ከዚህ ስሌት የተነሣ ነው። በአልትራሳውንድ ሌላ ቀን ከተሰጠሽ ሁሉንም በዚያው መጠን ወደፊት ወይም ወደኋላ ግፊው።

ሦስቱ ክትባቶች ጊዜያቸው የሚወሰነው በተለያየ መንገድ ነው። የቴታነሱ የሚጠይቅሽ እስከ ዛሬ ስንት ጊዜ እንደተከተብሽ ነው። የትክትኩ የሚጠይቅሽ እርግዝናሽ ስንተኛ ሳምንት ላይ እንደደረሰ ነው። የኢንፍሉዌንዛው እርግዝናው በየትኛውም ወር ላይ ቢሆን ይሰጣል፤ መታየት ያለበት የዚያው ዓመት ክትባት መሆኑ ነው። ነገ ጠዋት ልትወስጂው የምትችዪው የመጀመሪያውን ስለሆነ ከእሱ እጀምራለሁ።

ጤና ጣቢያ የሚሰጥሽ መርፌ ባለሙያዎቹ «ቲዲ» የሚሉት ነው። መንጋጋ ቆልፍን፣ ማለትም ቴታነስን፣ እና ጉሮሮን የሚዘጋውን ዲፍቴሪያን አብሮ ይከላከላል። ለአንዲት ሴት በዕድሜዋ አምስት ጊዜ ከተሰጣት ልጅ የምትወልድበትን ዘመን በሙሉ ይሸፍናታል። የመጀመሪያው መርፌ ብቻውን አስተማማኝ መከላከያ አይሰጥም። ከመጀመሪያው ቢያንስ አራት ሳምንት ቆይቶ የሚሰጠው ሁለተኛው እስከ ሦስት ዓመት ይጠብቃል። ከስድስት ወር በኋላ ወይም በቀጣዩ እርግዝና የሚሰጠው ሦስተኛው ቢያንስ አምስት ዓመት፣ ከዚያ አንድ ዓመት ቆይቶ የሚሰጠው አራተኛው ቢያንስ አሥር ዓመት ይቆያል። አምስተኛው ከአራተኛው ሌላ ዓመት ቆይቶ ይሰጥና ቆጠራው ያበቃል።

አሁን ወደ አንቺ እንምጣ። ደብረ ታቦር የተወጋሻቸው ሁለቱ ለመጀመሪያ ልጅሽ በቂ ነበሩ። ከዚያ ወዲህ ግን አምስት ዓመት ሆኖታል፤ የሁለተኛው መርፌ መከላከያ ደግሞ በአስተማማኝነት የሚቆጠረው እስከ ሦስት ዓመት ነው። ስለዚህ ዛሬ የሚያስፈልግሽ ሦስተኛው ነው። ብዙ ጊዜ አልፏልና ከሀ እንጀምር የሚልሽ ካለ አትቀበዪው። ሰውነት የቀደሙትን መርፌዎች አይረሳም፤ መካከሉ የቱንም ያህል ቢረዝም ቆጠራው ካቆመበት ይቀጥላል።

ተማሪ ሳለሽ የተወጋሽውን ግን በቴታነስነት አትቁጠሪው። በዘመቻ የሚሰጥ ሁሉ ቴታነስ አይደለም። በአንቺ ዕድሜ ያሉ ብዙ ወጣቶች የማጅራት ገትር ክትባት የወሰዱት በዘመቻ ነበር። ሴቶች «ዘመቻ ላይ ተወግቼ ነበር» ሲሉ ክትባቱ ምን እንደነበር ሳይጣራ አንድ ተብሎ ሲጻፍ አይቻለሁ። ይህ ስሕተት አደገኛ የሚሆነው ያልተሟላውን እንደተሟላ ስለሚያስቆጥር ነው።

ካርድሽ ቢጠፋም ነገሩ በዚያ አላበቃም። እርግዝናሽን የተከታተልሽበት ጤና ጣቢያ የነፍሰ ጡር እናቶች መዝገብ ላይ ስምሽና የተወጋሽበት ቀን ሊኖር ይችላል። ደብረ ታቦር ዘመድ ካለሽ ሙሉ ስምሽንና በ2013 ዓ.ም. ክትትል የጀመርሽበትን ወር ነግረሽ መዝገቡ እንዲታይልሽ ጠይቂ። ካልተገኘና አዋላጇ በቃልሽ ብቻ መቁጠር ካልፈለገች፣ እንዳልተከተበች ሴት ሁለት ጊዜ ትወጋሽ፤ ይህን ብታደርግ አልፈርድባትም። ዛሬ መጋቢት 22 አንዱን ብትወስጂ ሁለተኛው ከሚያዝያ 20 ጀምሮ ይሰጥሻል። ሁለተኛው መርፌ ከወሊድ ቢያንስ ሁለት ሳምንት መቅደም አለበት፤ በአንቺ ስሌት እስከ ሰኔ 27 ማለት ነው። ሰፊ ጊዜ ይመስላል፤ ነገር ግን ልጅ ቀኑን ሳይጠብቅ ሊመጣ ይችላልና እስከዚያ አትዘግዪ። አንድ መርፌ ቢደገምብሽ የሚያስከትለው ክንድሽ ለአንድ ሁለት ቀን ማበጥና ማመሙ ነው። አንድ ቢጎድልብሽ የሚከተለው ግን ከዚህ ጋር አይነጻጸርም።

ምን እንደሚከተል በግልጽ ልንገርሽ። የቴታነስ ጀርም አፈር ውስጥ፣ እበት ላይና በዛገ ምላጭ ላይ ዓመታት ይቆያል። ወደ ሕፃኑ የሚገባው በእትብቱ ቁስል ነው። ሕፃኑ ሲወለድ ጤነኛ ነው፤ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ቀናት ደህና ጠብቶ ያለቅሳል። ከዚያም በሦስተኛው ቀንና በአራተኛው ሳምንት መካከል ባለው ጊዜ ጡት መያዝ ያቅተዋል። አፉ አይከፈትም፤ ከንፈሩ ይጨመደዳል፤ ሲነኩት ወይም ድምፅ ሲሰማ መላ ሰውነቱ ግትር ይላል። ኢትዮጵያ የእናቶችና የጨቅላ ሕፃናት ቴታነስን የማኅበረሰብ ጤና ችግር ከመሆን ደረጃ ማውረዷ የተረጋገጠው በ2009 ዓ.ም. ነው። ይህ ማለት ግን ጀርሙ ጠፋ ማለት አይደለም፤ ከአፈር የሚያጠፋው ክትባት የለምና ጥበቃው የሚቀጥለው እናቶች እስከተከተቡ ድረስ ነው። ዘጌ ስታርሺም እትብቱ ላይ ቅቤም ሆነ ሌላ ነገር እንዳይቀባ ከአሁኑ ተነጋገሩ። የሚቀባ ነገር ካለ ያዋለደችሽ ባለሙያ የምትሰጥሽ ብቻ ነው።

አማትሽ የሰሙት ወሬ በብዙ ቦታ የሚወራ ነውና ክፉ አስበው ነው ብለሽ አትቀየሚያቸው። መልሱ ግን ራስሽ ዘንድ አለ። በ2013 ሁለት ጊዜ ተወግተሽ ይኸው ዛሬ ሁለተኛ ልጅ ይዘሻል። ማሕፀን የሚዘጋ መርፌ ቢሆን ኖሮ እሳቸው የሚጠብቁት የልጅ ልጅ ባልተጸነሰ ነበር። ይህንኑ ለስለስ አድርገሽ ንገሪያቸው፤ ከቻልሽም ለክትትል ስትሄጂ ይዘሻቸው ሂጂና አዋላጇ ራሷ ታስረዳቸው።

ትክትክን በተመለከተ እህትሽ ያለችሽ እውነት ነው። አሜሪካ ውስጥ እያንዳንዷ ነፍሰ ጡር በእያንዳንዱ እርግዝናዋ ከ27ኛው እስከ 36ኛው ሳምንት ባለው ጊዜ፣ በተለይ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት፣ እንድትከተብ ይመከራል። እንግሊዝ ደግሞ ከ16ኛው ሳምንት ጀምራ ትሰጣለች። የክትባቱ ስም «ቲዳፕ» ነው። ቴታነስን፣ ዲፍቴሪያንና ትክትክን በአንድ መርፌ ይይዛል፤ ስለዚህ አንድ ቲዳፕ የወሰደች ሴት በቴታነስ ቆጠራዋም አንድ ይጨመርላታል።

እንደ ቴታነሱ አንዴ ተሞልቶ ለምን አያበቃም ትዪኝ ይሆናል። ትክትክን የሚከላከለው ንጥረ ነገር ከክትባቱ በኋላ በሁለት ሳምንት ገደማ ከፍ ይልና ብዙም ሳይቆይ መውረድ ይጀምራል። ከእናት ወደ ፅንስ በእንግዴ ልጅ በኩል በብዛት የሚሻገረው ደግሞ በመጨረሻዎቹ ሦስት ወራት ነው። የእናትየዋ መከላከያ ከፍ ያለበት ጊዜና የሚሻገርበት ጊዜ እንዲገጥሙ ነው ሳምንት የሚቆጠረው። በ38ኛው ሳምንት ቢሰጥ ተሠርቶ ለመሻገር ጊዜ ያጥረዋል። በአንቺ ቀን ሲሰላ ከሚያዝያ 10 እስከ ሰኔ 13 ያለው ጊዜ ነው። በዚህ ጊዜ የተከተበች እናት ልጅ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሦስት ወራት በትክትክ የመያዝ ዕድሉ በብዙ ይቀንሳል፤ እንግሊዝ ውስጥ የተገኘው የመከላከል መጠን 90 በመቶ ገደማ ነው። ያን ዕድሜ መጠበቅ ያስፈለገበት ምክንያት በሽታው በትንንሾቹ ላይ ስለሚከፋ ነው። አራስ ሕፃን እንደ ትልቅ ልጅ ከሳሉ በኋላ ትንፋሹን በድምፅ ላይጎትት፣ ጭራሽም ላያስል ይችላል። ትንፋሹ ቆም ይላል፤ ከንፈሩ ይጠቁራል፤ ከዚያ ይዝላል። እንዲህ ያለ ነገር ካየሽ እስኪነጋ ሳትጠብቂ ሆስፒታል ውሰጂው።

በአገራችን መደበኛ የክትባት ፕሮግራም ግን ቲዳፕ ለነፍሰ ጡር አይሰጥም፤ ጤና ጣቢያው የነገረሽ ትክክል ነው። እህትሽ በሻንጣ ልታመጣልሽ ማሰቧ ከፍቅር ነው፤ ሆኖም እንዳታመጣ ንገሪያት። ክትባቱ ከፋርማሲው ማቀዝቀዣ ወጥቶ ክንድሽ እስኪገባ ድረስ ያለማቋረጥ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ መቀመጥ አለበት። ከዋሽንግተን አዲስ አበባ፣ ከአዲስ አበባ ባሕር ዳር፣ በመካከሉም የመንገደኞች ማረፊያ ወንበር ላይ የሚቀመጥ ሻንጣ አለ። ሰው የሚፈራው ሙቀቱን ነው፤ እንዲህ ዓይነቱን ክትባት ፈጥኖ የሚገድለው ግን በረዶ ነው። እንዳይሞቅ ተብሎ ከበረዶ ጋር ተጠቅልሎ የሚመጣው ክትባት በመንገድ ላይ ይረጋና ኋላ ይቀልጣል። በውስጡ ያለው የአሉሚኒየም ውሕድ ተጓጉሎ ከፈሳሹ ይለያል፤ ሲያዩት ጥቂት የደፈረሰ ውኃ መስሎ ስለሚታይ ግን ሰው አይጠረጥርም። ሲወጉት ያምማል እንጂ አይከላከልም። ጠንቃቃ ባለሙያም ማን በምን እንዳመጣው የማታውቀውን ክትባት አትወጋሽም፤ እምቢ ስትልሽ አትከፊባት።

ለጤና ጣቢያው ክትባትም ይህንኑ ማየት ትችያለሽ። የቲዲው ብልቃጥ ላይ በክብ ውስጥ ያለች ትንሽ አራት ማዕዘን ምልክት አለች። አራት ማዕዘኗ ከዙሪያዋ ካለው ክብ የነጣች ከሆነ ክትባቱ በሙቀት አልተበላሸም። ከክቡ ጋር እኩል ከጠቆረች ወይም ከባሰች መጣል አለበት። ይህች ምልክት የምትናገረው ስለ ሙቀት ብቻ ነው፤ በረዶ ነክቶት እንደሆነ አታሳይም። «እስቲ ብልቃጡን ላየው» ብለሽ ብትጠይቂ ነውር የለበትም፤ እኔ ስጠየቅ ደስ ይለኛል።

ሌላም ጥያቄ ደጋግሞ ይመጣልኛል፦ «ለሕፃናት የሚሰጠው ፔንታ ውስጥ ትክትክ አለ አይደል፣ ያንን ለእኛ ለምን አይወጉንም?» አይሆንም። በእኛ ጤና ጣቢያዎች ያለው የሕፃናት ፔንታ ለትልቅ ሰው የተዘጋጀ አይደለም፤ መጠኑም፣ የትክትኩ ክፍል አሠራሩም የተለየ ነው። ለነፍሰ ጡር የሚሆነው የአዋቂ ቲዳፕ ብቻ ነው። አዲስ አበባ የምትሄጂበት ጉዳይ ካለሽና በሕጋዊ መንገድ አስገብቶ በማቀዝቀዣ የሚይዝ የግል ሆስፒታል ካገኘሽ፣ የአዋቂው መሆኑንና ጊዜው አለማለፉን አይተሽ በነገርኩሽ ቀናት ውስጥ ውሰጂው። እሱን ፍለጋ ግን ቲዲውን አንድ ቀን እንኳ አታዘግዪ። ቲዲ ወስደሽ ቆይተሽ ቲዳፕ ብታገኚ በዚያው እርግዝና መውሰድ ይቻላል።

ካላገኘሽስ? እንግዲህ ልጅሽን ከትክትክ የሚጠብቀው የራሱ ክትባት ነው፤ ስለዚህ ቀኑን ጠብቂ። ፔንታው የሚጀመረው በስድስተኛው ሳምንት ነው፤ እናቶች የ45 ቀን ክትባት የሚሉት ማለት ነው። ሐምሌ 11 ብትወልጂ ነሐሴ 23 ይውላል። የምፈራው እዚህ ላይ ነው። አራስ ከክርስትና በፊት ከቤት አትወጣም የሚሉ ቤተሰቦች አሉ። ወንድ ከሆነ የ40 ቀኑ ክርስትና ነሐሴ 21 አካባቢ ስለሚሆን ክትባቱ ከሁለት ቀን በኋላ ይደርሳል፤ ችግር የለውም። ሴት ከሆነች ግን 80 ቀን ተጠብቆ ክትባቱ ከአንድ ወር በላይ ይዘገያል፤ ያ ደግሞ ትክትክ የሚከፋበት ዕድሜ ነው። ክርስትናው በቀኑ ይሁን፣ ክትባቱም በቀኑ። ለአማትሽ ይህን ከመውለድሽ በፊት ንገሪያቸው፤ አራስ ቤት ሆነሽ ከመከራከር ይሻላል። ሁለተኛው ዙር በመስከረም 16 ደመራ ላይ ስለሚውል በዓሉ ካለፈ በኋላ ባለው የሥራ ቀን አስከትቢ። ሦስተኛው ጥቅምት 14 ነው። ዘጌ ሆነሽ ቀኑ ቢደርስ ባሕር ዳር እስክመለስ ብለሽ አትጠብቂ፤ ካርዱን ይዘሽ በአቅራቢያሽ ባለው ጤና ጣቢያ አስከትቢ። እስከዚያው የሚያስል ሰው፣ ዘመድም ይሁን ጎረቤት፣ ሕፃኑን አይታቀፍ፣ አይሳም። ለጥየቃ የመጣን እንግዳ ከበር መመለስ ለአራስ ቤት እንደሚከብድ አውቃለሁ፤ ይህን ቃል ለአባቱ ወይም ለአማትሽ ስጪያቸው።

ኢንፍሉዌንዛው አጭር ነው። መርፌው የሞተ ቫይረስ ስለሆነ በማንኛውም የእርግዝና ወር ይሰጣል። ነፍሰ ጡርን ኢንፍሉዌንዛ ሲይዛት ወደ ሳንባ ምች የመሄድ ዕድሉ ከሌላው ሰው ይበልጣል። ከስድስት ወር በታች ላለ ሕፃን ደግሞ የራሱ የኢንፍሉዌንዛ ክትባት የለም፤ የሚያገኘው ከእናቱ የሚወርሰውን ብቻ ነው። ይህም በመደበኛው ፕሮግራማችን ውስጥ የለም። በግል ተቋም ካገኘሽው ሁለት ነገር ጠይቂ፦ የዘንድሮ መሆኑንና መርፌ መሆኑን። ቫይረሱ ስለሚለዋወጥ ክትባቱ በየዓመቱ ይታደሳል። በአፍንጫ የሚነፋው ዓይነት ደግሞ የተዳከመ ሕያው ቫይረስ ስላለበት ለነፍሰ ጡር አይሰጥም። ኩፍኝን የመሳሰሉ ሕያው ክትባቶችም እስክትወልጂ ይቆያሉ።

እህትሽ ልትረዳሽ ከፈለገች የምታመጣልሽ ሌላ ነገር አለ። የኢንፍሉዌንዛ ክትባቷን ዘንድሮ ካልወሰደች ዛሬ ነገ ሳትል እዚያው ትውሰድ፤ መከላከያው እስኪጎለብት ሁለት ሳምንት ይፈልጋልና ፋሲካ ደርሷል። አብረዋት የሚመጡ ልጆች ካሉ የትክትክ ክትባታቸው መሟላቱን ታረጋግጥ። ሳል ይዟት ከመጣች ደግሞ እስኪለቃት ሌላ ቤት ትረፍ።

ሦስተኛውን ቲዲ ስትወስጂ ካርድ አጽፈሽ ሁለት ቦታ አስቀምጪው፤ በስልክሽም ፎቶ አንሺው። አራተኛው ከመጋቢት 22 ቀን 2019 ዓ.ም. ጀምሮ ነው። ልጅሽ የዘጠኝ ወር የኩፍኝ ክትባቱን የሚወስደው በሚያዝያ 2019 ስለሆነ በዚያው ቀን አንቺም ክንድሽን አቅርቢ። የሕፃኑ ነርስ ስለ እናትየዋ ላትጠይቅሽ ትችላለችና አንቺ ንገሪያት። አምስተኛው ከዚያ በዓመቱ ነው። አዋላጇ በቃልሽ ሳትቀበል ከአንድ ከጀመረችልሽ ግን ሦስተኛሽ ከሁለተኛው ስድስት ወር ቆይቶ ማለትም በጥቅምት 2019 አጋማሽ ይደርሳል፤ የልጅሽ የመጨረሻ ፔንታም በዚያው ሰሞን ስለሆነ በአንድ መንገድ ሁለቱንም ትጨርሺያለሽ።